ዕቃው ተሰብሮ ሲመጣ ገዥው ምን ይጻፍ? ሻጩስ ምን ይመልስ?

እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የምትኖር አንዲት ሴት ኢቤይ ላይ ለማይክሮስኮፕ የሚሆን መብራት ገዛች። ሻጩ በኦሃዮ የሚገኝ ሜድ ኤክስፕረስ የተባለ ኩባንያ ነበር። ጥቅሉ ሲደርስ የፖስታ ሒሳቡ ጎድሎ ስለተገኘ፣ ለመረከብ 1 ዶላር ከ44 ሳንቲም ከኪሷ መጨመር ነበረባት። ከፍላ ተረከበች። ከዚያም ኢቤይ ላይ አሉታዊ ምልክት ሰጥታ፣ ጥቅሉ ቀሪ የፖስታ ክፍያ ይዞ መምጣቱንና ሻጩ አስቀድሞ ምንም እንዳልነገራት በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

ኩባንያው ገንዘቧን እንደሚመልስላት ገልጾ አስተያየቱ እንዲነሳለት ፈለገ። አስተያየቱ ሳይነሳ ሲቀር ስሜን አጥፍታለች ብሎ በኦሃዮ ሜዲና አውራጃ ፍርድ ቤት ከሰሳት። ቀሪ ሒሳብ ከፍላ መረከቧን ግን አልካደም። ነገሩን የሸማቾች መብት ተሟጋች በሆነው ፐብሊክ ሲትዝን ውስጥ የሚሠራው ጠበቃ ፖል ሌቪ ሲያወጣው፣ ከኩባንያው ጋር ምንም ተገበያይተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ተቆጡ። በመጨረሻ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ይቅርታ ጠይቆ ክሱን አነሳ።

የሴትየዋ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ብቻ ይዟል፤ የሆነውን፣ እና ሻጩ ማድረግ ሲገባው ያላደረገውን። ሁለቱም በማስረጃ የሚጣሩ ናቸው። በሻጩ በኩል ደግሞ «የፖስታ ሒሳቡ ለምን እንደጎደለ እያጣራን ነው፤ የከፈሉትን እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር ጉዳዩን በዘጋው ነበር። ከአዲስ አበባ የቴሌግራም ሱቅ ዕቃ የሚያዝም ሆነ ሱቁን የሚመራ ሰው ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ብዙ ነው።

ዕቃው በማን እጅ ሳለ ተበላሸ?

አንድ ዕቃ ገዥው ቤት እስኪደርስ ቢያንስ በሦስት እጅ ያልፋል። ሻጩ ያሽገዋል፣ አድራሹ ይወስደዋል፣ ተቀባዩ ይረከበዋል። በአዲስ አበባ አድራሹ የሱቁ ሠራተኛ፣ በጉዞ የሚከፈለው ሞተረኛ ወይም ራሱን የቻለ የዴሊቨሪ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ወደ ክፍለ ሀገር ሲላክ ደግሞ መናኸሪያ ላይ ለአውቶቡስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የብዙ አስተያየቶች ጉድለት የሚጀምረው እነዚህን ሦስት እጆች ካለመለየት ነው። ሞተረኛው ያዘገየው ዕቃ በሻጩ ላይ ይጻፋል፤ ሻጩ አለአግባብ ያሸገው ደግሞ በሞተረኛው ይላከካል።

አማዞን ይህንን ለመለየት የራሱ ደንብ አለው። ሻጩ ዕቃውን በአማዞን መጋዘን አስቀምጦ የማድረሱን ሥራ አማዞን ከወሰደ፣ ስለ ማድረስ በሻጩ ላይ የተጻፈ አሉታዊ አስተያየት በመስመር ይሰረዝና ኃላፊነቱ የአማዞን መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ይታከልበታል። በቴሌግራም በሚደረግ ንግድ ግን እንዲህ የሚለይ አካል የለም። መለየት ያለበት ራሱ ጸሐፊው ነው።

መለያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ይገኛል። የካርቶኑ ጠርዝ ተጨፍልቆ ወይም ርሶ፣ ውስጡ ግን በስፖንጅ ወይም በአረፋ ላስቲክ በደንብ ተሞልቶ ከተገኘ ጉዳቱ መንገድ ላይ የደረሰ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ካርቶኑ ምንም ሳይነካው ውስጡ ያለው ብርጭቆ ከተሰበረ፣ ዙሪያውም ባዶ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው። ስለዚህ ፎቶ የሚነሳበት ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። በመጀመሪያ ካርቶኑ ሳይከፈት ከሁሉም ጎን፣ ቀጥሎ እንደተከፈተ ዕቃው ከውስጥ ሳይነሳ፣ በመጨረሻ የተሰበረው ክፍል በቅርበት ይነሳል። ብዙ ሰው የሚያነሳው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዕቃው መሰበሩን እንጂ የት እንደተሰበረ አያሳይም። ሞተረኛው ሳይሄድ ካርቶኑን ከፍቶ ማየት ደግሞ በኋላ «እጃችሁ ላይ ነው የተሰበረው» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

ለመዘግየት የሚያስፈልገው ማስረጃ ቀኖች ናቸው። ዕቃው የታዘዘበት፣ እንደሚደርስ ቃል የተገባበት፣ ከሱቁ የወጣበትና የደረሰበት። ቃል የተገባበት ቀን ሲባል ገዥው የጠበቀው ሳይሆን ሻጩ የጻፈው ነው። ሻጩ «ከ2 እስከ 4 ቀን» ብሎ ጽፎ ዕቃው በአራተኛው ቀን ከደረሰ፣ ገዥው ቢናፍቅም ዘገየ አይባልም። «ነገ ይደርሳል» ብሎ በአራተኛው ቀን ካመጣው ግን ዘግይቷል።

ከቁጣ ወደ ቃል

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ገዥዋ ሰኞ ዕለት ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ ብሌንደር አዘዘች፤ ዋጋው 6,500 ብር፣ የማድረሻው 250 ብር። ሻጩ «ረቡዕ ይደርሳል» ብሎ ጻፈላት። ረቡዕና ሐሙስ አለፉ። ሐሙስ ማታ ስትደውል ስልኩ አልተነሳም፤ ለመልእክቷም መልስ አልመጣም። ቅዳሜ ሞተረኛው ዕቃውን አመጣ። ካርቶኑ ደህና ነበር፤ ሲከፈት ግን ጆጉ ተሰንጥቋል፣ በዙሪያውም አንድ ቀጭን ወረቀት ብቻ ነበር። ሞተሩ ተሰክቶ ሲሞከር ይሠራል።

ንዴቱ ሳይበርድ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይመስላል፦

«ሌቦች ናቸው! የተሰበረ ዕቃ ነው የሚሸጡት። ስልክ አያነሱም። ማንም ከነዚህ አጭበርባሪዎች እንዳይገዛ!!!»

እዚህ ውስጥ ቀን የለም፤ የትኛው ዕቃ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ የተሰነጠቀ ጆግ የሱቁ ዕቃ ሁሉ የተሰበረ ነው ወደሚል ተለውጧል። «ሌባ» እና «አጭበርባሪ» የሚሉት ቃላት ደግሞ ከስድብ ያለፈ ነገር አላቸው፤ ሻጩ ሆን ብሎ ወንጀል ፈጸመ ይላሉ። ገዥዋ የምታውቀው ዕቃው ዘግይቶና ተሰብሮ መምጣቱን እንጂ የሻጩን ሐሳብ አይደለም።

ይህ ልዩነት በሕግም ፊት ይመዘናል። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 የሌላውን ሰው ክብር፣ መታመን ወይም መልካም ስም በቃልም ሆነ በጽሑፍ መጉዳትን ያስጠይቃል። በሌላ በኩል ተለይቶ የተጠቀሰ ድርጊት እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው፣ ሌላውን ለመጉዳት ብቻ ብሎ ያደረገው ካልሆነ በቀር፣ መከላከያ እንዲኖረው ሕጉ ያደርጋል። «ጆጉ ተሰንጥቆ ደረሰኝ» የሚለውን በፎቶ ማስረዳት ይቻላል። «ሌባ ነው» የሚለውን በተሰነጠቀ ጆግ ማስረዳት አይቻልም።

ከመጻፍ በፊት ለሻጩ ዕድል መስጠትም የፍትሐዊነቱ አካል ነው። ገዥዋ ሦስቱን ፎቶዎች ልካ «ጆጉ ተሰንጥቆ ደርሶኛል፤ እስከ ማክሰኞ እንዲቀየርልኝ ወይም የጆጉ ዋጋ እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ» ብላ መጻፍ ትችላለች። የምትፈልገው ነገርና የምትጠብቅበት ቀን ሁለቱም ተነግረዋል። ትላልቆቹ ገበያዎችም ለዚህ በቂ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ኢቤይ ለገዥው 60 ቀን፣ ኤትሲ ደግሞ ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 100 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ጥያቄውን ከማስፈራሪያ ጋር ማያያዝ አይገባም። «ገንዘቤን ካልመለስክ መጥፎ አስተያየት እጽፍብሃለሁ» ማለትን ኢቤይ በደንቡ ከልክሎታል፤ ሻጩ ይህንን መልእክት ካሳየም አስተያየቱ ሊነሳለት ይችላል።

ማክሰኞ መልስ ሳይመጣ ካለፈ፣ አስተያየቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ብሌንደሩን ሰኞ አዘዝኩ፤ ረቡዕ ይደርሳል ተብዬ ቅዳሜ ደረሰ። ሐሙስ ደውዬ ስልክ አልተነሳም። ካርቶኑ ደህና ቢሆንም ጆጉ ተሰንጥቆ ነበር፤ ውስጡ ከቀጭን ወረቀት ሌላ መከላከያ አልነበረውም። ሞተሩ በደንብ ይሠራል፤ ያመጣው ልጅም እስክሞክረው ጠብቆኛል። ፎቶ ልኬ እንዲቀየርልኝ ጠይቄ ነበር፤ እስከ ማክሰኞ ማታ መልስ አላገኘሁም።»

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ሻጩን የሚያስጨንቅ ነው፤ ምክንያቱም የሚያነበው ሰው ያምነዋል። ሞተሩ መሥራቱና አድራሹ መጠበቁ መጠቀሱ ጸሐፊዋ የምትቆጥረው ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ጥፋቱም ሞተረኛው ላይ ሳይሆን ማሸጊያውና ምላሽ አለመስጠቱ ላይ እንደሆነ በግልጽ ይለያል። ለሻጩም ቢሆን ሊያርመው የሚችለውን ይነግረዋል፤ ጆጉን ለብቻው በአረፋ ላስቲክ መጠቅለል፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው መመደብ።

ሻጩ ሲበደል

አሁን ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ እንሻገር። ኢቤይ በ1990ዎቹ ሲጀመር ገዥና ሻጭ እርስ በርስ ምልክት ይሰጣጡ ነበር። ገዥዎች መጥፎ ነገር ቢጽፉ ሻጩ አጸፋውን ይመልስብናል ብለው እየፈሩ እውነቱን ይደብቁ ስለነበር፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሻጮች በገዥ ላይ አሉታዊ ምልክት መስጠታቸውን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ ለሻጩ የቀረው ዋና መሣሪያ መልሱ ነው።

ምሳሌውን እንገልብጠው። አንድ ደንበኛ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦ «ከፍዬ ለአንድ ሳምንት ዕቃውን አላመጡም። ገንዘብ ተቀብለው ይጠፋሉ።» የሱቁ መዝገብ ግን ሌላ ይላል። ሞተረኛው ማክሰኞም ረቡዕም በተሰጠው አድራሻ ደርሷል፤ ስልኩ ሁለቱንም ቀን ዝግ ነበር። ሐሙስ በቴሌግራም መልእክት ተልኳል፤ አልተነበበም።

ሻጩ በመጀመሪያ መልስ መጻፍ ሳይሆን ማጣራት አለበት። ሞተረኛው የደወለበት ቁጥር ደንበኛው ከሰጠው ጋር አንድ ነው? አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ የሱቁ ነው፣ አስተያየቱም ትክክል ነው ማለት ነው። የጥሪ ዝርዝሩን አስመጥቶ ቁጥሩን ማመሳከር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሻጭ የሚዋረደው ይህንን ሳያደርግ «ውሸት ነው» ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ቀጣዩ እርምጃ ደንበኛውን በግል ማግኘት ነው። ቅደም ተከተሉ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ኤትሲ ላይ ሻጩ በይፋ መልስ ከሰጠ በኋላ ገዥው የጻፈውን ማስተካከል አይችልም፤ ስለዚህ ቸኩሎ የመለሰ ሻጭ ሊታረም ይችል የነበረውን አስተያየት ራሱ ይቆልፈዋል። ኢቤይ ደግሞ ችግሩ ከተፈታ በኋላ ሻጩ ገዥውን አስተያየቱን እንዲከልስ በይፋ የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ ቁጥሩ ግን የተገደበ ነው፣ በዓመት ለ1,000 አስተያየት 5 ጥያቄ ብቻ።

ደንበኛው በግል ካልተገኘ ወይም ካልተስማማ፣ ያኔ በይፋ መመለስ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ይሄ ነው፦

«ውሸታም! ሁለት ቀን ሙሉ በርህ ላይ ቆመን ስልክህን ዘግተህ ነበር። የዚህ ሰው ቁጥር ይኸውላችሁ፣ ደውላችሁ ጠይቁት።»

እውነቱ በሻጩ በኩል ቢሆንም ይህ መልስ ያሸንፈዋል ማለት አይደለም። አስተያየቱን ያነበበው ሌላ ገዥ የሚያየው፣ ይህ ሱቅ ሲቆጣ የደንበኛ ስልክ አደባባይ የሚያወጣ መሆኑን ነው። ስልክ ቁጥር፣ የሰፈር አድራሻና የክፍያ ደረሰኝ ለማድረስ ሥራ የተሰጡ የግል መረጃዎች ናቸው፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ስክሪንሾት መለጠፍ ግድ ከሆነ እንኳ ስምና ቁጥሩ ተሸፍኖ መሆን አለበት።

ተገቢው መልስ አጭር ነው፦

«ዕቃው እስካሁን እጅዎ ባለመግባቱ እናዝናለን። አድራሻችን ማክሰኞና ረቡዕ በሰጡን አድራሻ ደርሶ ነበር፤ ሁለቱንም ቀን ስልክዎ ሊገኝ ስላልቻለ ተመልሷል፤ ሐሙስም በቴሌግራም ጽፈንልዎታል። ዕቃው በስምዎ ተቀምጧል፤ ያለ ተጨማሪ የማድረሻ ክፍያ ነገ ልናመጣ፣ ወይም ገንዘብዎን ዛሬ ልንመልስ እንችላለን። የሚመርጡትን በውስጥ መስመር ይጻፉልን።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥፋተኝነትን ሳይቀበል የደንበኛውን ችግር ይቀበላል። ሁለተኛው ቀኖችን እንጂ ክስን አያቀርብም፤ «ዘግተውት» ሳይሆን «ሊገኝ ስላልቻለ» ይላል፣ ምክንያቱም ሻጩ ስልኩ ለምን እንደተዘጋ አያውቅም። ባትሪ አልቆ ይሆናል፤ ኔትወርክም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ለ«ገንዘብ ተቀብለው ይጠፋሉ» የሚያስፈልገውን ብቸኛ መልስ ይሰጣል፤ ገንዘቡ ዛሬ ሊመለስ ይችላል። ቃሉ ከተሰጠ ደግሞ በዕለቱ መፈጸም አለበት።

መልስ መስጠት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል የሚለውን ዳቪዴ ፕሮሰርፒዮና ጊዮርጎስ ዘርቫስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሆቴሎች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ለእንግዶች አስተያየት መልስ መስጠት የጀመሩ ሆቴሎች አማካይ ደረጃቸው በ0.12 ኮከብ ከፍ አለ። ከዚያ ይልቅ የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው፤ አሉታዊ አስተያየቶቹ ቁጥራቸው ሲቀንስ ርዝመታቸው ጨመረ። ባለቤቱ እንደሚያነብና እንደሚመልስ ያወቀ እንግዳ ሁለት የቁጣ ቃል ጥሎ አይሄድም፤ ቅሬታ ካለው ዘርዝሮ ይጽፋል።

ሻጩ የማይሻገረው መስመር

አስተያየትን በማስፈራራት ወይም በገንዘብ ማስነሳት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የዩታ ነዋሪ የሆነ ሰው ክሊርጊር ከተባለ የአሜሪካ ድርጅት የገና ስጦታ አዘዘ፤ ዕቃው ግን አልደረሰም። ሚስቱ ይህንን ጻፈች። ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ በሽያጭ ውሉ ላይ ስለ እኛ ክፉ መጻፍ ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለ ብሎ 3,500 ዶላር ጠየቃቸው፤ ሳይከፍሉ ሲቀሩ ዕዳ እንዳለባቸው አድርጎ ለብድር መረጃ ድርጅት አሳወቀ። ባልና ሚስቱ ከሰሱት፤ ድርጅቱ ቀርቦ ባለመከራከሩም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 306,750 ዶላር ፈረደባቸው ዘንድ ለከሳሾቹ ወሰነ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያሉ አንቀጾችን በአገር አቀፍ ሕግ ከለከለ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትንና በማስፈራሪያ ማስነሳትን ይቀጣል።

ይህ ሕግ አዲስ አበባ ያለውን የቴሌግራም ሱቅ አይገዛም። ቻናሉ የሻጩ ስለሆነ የማይወደውን አስተያየት በአንድ ጣት ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን የጠፋበት ሰው ስክሪንሾቱን ይዞ ወደ ሌላ ግሩፕ ይሄዳል፤ እዚያ ሻጩ መልስ የመስጠት ዕድል እንኳ አይኖረውም። መጥፋት የሚገባው ስድብ፣ ዛቻ ወይም የሰው የግል መረጃ የያዘው ነው። በደሉን ብቻ የሚናገረው፣ የተጋነነም ቢሆን፣ ከመልሱ ጋር ቢቆይ ይሻላል።

ለገዥም አንድ ሥራ ይቀራል። የብሌንደሩ ሻጭ ሐሙስ ዕለት አዲስ ጆግ ቢልክ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ማጥፋት አያስፈልግም፤ የሆነው ሆኗል። ከሥሩ ቀን ጠቅሶ መጨመር በቂ ነው፦ «ሐሙስ ተጨማሪ ሳያስከፍሉ አዲስ ጆግ ልከውልኛል፤ ይህኛው በአረፋ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። መልሱ ሁለት ቀን ዘግይቷል፤ ኮከቡን ከአንድ ወደ ሦስት ቀይሬዋለሁ።»